ለአንድ ኪሎ እንጆሪ ስንት ስኳር?

ከቨርጂኒያ በመንገደኛ ሻንጣ የመጣው ስጦታ አንድ የማብሰያ ቴርሞሜትርና በእጅ የተጻፈች ብጣሽ ወረቀት ነበር። ወረቀቷ ላይ የእንጆሪ ማርማላታ አሠራር ሰፍሯል፦ አንድ ኪሎ እንጆሪ፣ አንድ ኪሎ ስኳር፣ የአንድ ሎሚ ጭማቂ፤ «105 ዲግሪ ሲደርስ አውጪው»። ላኪዋ ታናሽ እህት ናት፤ በዚሁ አሠራር ደጋግማ ሠርታ ተሳክቶላታል። ተቀባይዋ ታላቅ እህት አዲስ አበባ ነው የምትኖረው። ጾም ሊገባ አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ ለልጆቹ ቁርስ ከዳቦ ጋር የሚሆን ነገር ለማዘጋጀት አስባ ድስቱን ጣደች።

ቴርሞሜትሩ እስከ 97 ዲግሪ ድረስ በደህና ወጣ። ከዚያ በኋላ ግን አልንቀሳቀስ አለ። እሷም ወረቀቷን አምና ጠበቀች። አረፋው እየከበደ፣ ፍልቅልቅታው እየዘገየ፣ ቀዩ ቀለም ወደ ቡናማ እየዞረ ሄደ። 105 ላይ ሲደርስ አውርዳ በጠርሙስ ሞላችው። በማግስቱ ማንኪያ ስትሰድበት ማንኪያው ቆሞ ቀረ።

«እትዬ፣ ምን ያህል አፈላሽው?» አለች ታናሽዬዋ በስልክ።

«ያልሽውን ነዋ! 105።»

ሁለቱም የተባለውን አድርገዋል፤ ሁለቱም ቴርሞሜትሩን በትክክል አንብበዋል። የተሳሳተው ወረቀቷ ላይ የሰፈሩት ሁለት ቁጥሮች ናቸው። አንደኛው 105 ነው፤ ይህ ቁጥር ለባሕር ጠረፍ እንጂ ለአዲስ አበባ አልተሰላም። ሁለተኛው «ኪሎ ለኪሎ» የሚለው ነው፤ ይህ ደግሞ ለአንዳንድ ፍሬ ልክ ሆኖ ለእንጆሪ የማይስማማ ልማድ ነው። ለማርማላታ የሚገባውን ስኳር በልማድ ሳይሆን በስሌት ማግኘት ይቻላል። ለስሌቱ የሚያስፈልገው ሦስት ነገር ማወቅ ብቻ ነው፦ የፍሬው ክብደት፣ ፍሬው ከተፈጥሮው የያዘው ስኳር፣ እና ሠሪው የሚፈልገው የመርጋት ልክ።

ስኳሩ ድስት ውስጥ ምን ይሠራል?

ማርማላታ የሚለው ቃል ወደ አማርኛ የገባው ከጣልያንኛ ነው፤ ጣልያኖቹ ደግሞ ከፖርቱጋልኛ ነው የወሰዱት። እዚያ ማርሜሎ የሚባል ፍሬ አለ፤ ፖም የሚመስል፣ ጥሬውን የማይበላ ደረቅ ፍሬ ነው፤ ከስኳር ጋር ሲቀቀል ግን በቢላዋ እስኪቆረጥ ድረስ ይረጋል። የሚረጋው ፔክቲን የሚባል ነገር በብዛት ስላለው ነው። ፔክቲን በፍሬ ሥጋና ልጣጭ ውስጥ ሴሎችን እንደ ጭቃ አያይዞ የሚያቆም ነገር ሲሆን፣ ስሙን በ1825 ያወጣለት ፈረንሳዊው የኬሚስትሪ ሊቅ ኦንሪ ብራኮኖ ነው።

ፔክቲን ረዣዥም ክር ነው ብሎ ማሰብ ይቻላል። ፍሬው ሲፈላ ክሮቹ ከሴሉ ወጥተው በውኃው ውስጥ ይንሳፈፋሉ። ነገር ግን ሁለት ነገር እርስ በርስ እንዳይያያዙ ያግዳቸዋል። በመጀመሪያ እያንዳንዱ ክር ውኃ ለብሷል። ሁለተኛ ክሮቹ ሁሉ አንድ ዓይነት የኤሌክትሪክ ሙል ስላላቸው ይገፋፋሉ። ስኳር ውኃ ይወዳልና ክሮቹ የለበሱትን ውኃ ይስብና ያራቁታቸዋል። የሎሚው አሲድ ደግሞ መገፋፋቱን ያስቆማል። ያኔ ክሮቹ እርስ በርስ ይያያዙና መረብ ይሠራሉ፤ ጭማቂው በመረቡ ዓይኖች ውስጥ ታስሮ ይቀራል። መርጋት ማለት ይህ ነው። ከሦስቱ አንዱ ቢጎድል፣ የቀሩት ቢበዙም መረቡ አይሠራም።

ይህ መረብ በአስተማማኝ ሁኔታ የሚሠራው ከጠቅላላው ክብደት ወደ 65 በመቶ የሚሆነው ስኳር ሲሆን ነው። ይኸው ቁጥር ለቆይታም ያገለግላል፤ በዚህ ልክ ስኳር ያለበት ማርማላታ ውስጥ ያለው ውኃ በስኳሩ ስለተያዘ፣ አብዛኞቹ ተሕዋስያን የሚጠጡት አያገኙም። የአውሮፓ ኅብረት በ2001 ያወጣው መመሪያ ማርማላታ ተብሎ የሚሸጥ ነገር በመደበኛነት ከ60 በመቶ እንዳያንስ ያዘዘው ያለ ነገር አይደለም። ወደ ላይም ገደብ አለው። የገበታ ስኳር በክፍል ሙቀት ውኃ ውስጥ ሟሙቶ ሊቆይ የሚችለው እስከ 67 በመቶ ግድም ነው፤ ከዚያ ሲያልፍ፣ እንደ ቆየ ማር መጠጠር ይጀምራል። ስለዚህ የማርማላታ ሠሪ የሚንቀሳቀስበት ሜዳ ጠባብ ነው፤ ከ60 እስከ 68፤ ለልል 62፣ ለመካከለኛ 65፣ ለጠንካራ 67 ብሎ መያዝ ይበቃል።

ስሌቱ ከመጨረሻው ይጀምራል

ብዙ ሰው «ስንት ስኳር ልጨምር?» ብሎ ይጀምራል። የሚሻለው ግን «ሲያልቅ ድስቱ ውስጥ ስንት ግራም ይቀራል?» ብሎ መጀመር ነው። ስኳር አይተንም፤ የገባው ሁሉ እዚያው ይኖራል። የሚተነው ውኃ ብቻ ነው። ስለዚህ ድስቱ ውስጥ ያለው ስኳር ስንት እንደሆነ ከታወቀ፣ ማርማላታው የሚደርስበትን ክብደት እሳቱ ከመለኮሱ በፊት ማወቅ ይቻላል።

ታጥቦ፣ ቅጠሉ ተነቅሎ፣ የተበላሸው ተለይቶ የተመዘነ አንድ ኪሎ እንጆሪ እንውሰድ። በገበያ ስትሮበሪ የሚባለው ማለት ነው። ከሱ ውስጥ ወደ 8 በመቶ የሚሆነው የራሱ ስኳርና አብረውት የሟሙ ነገሮች ናቸው፤ ይህም 80 ግራም ነው። ሠሪዋ 700 ግራም ስኳር ብትጨምር፣ ድስቱ ውስጥ ያለው በጠቅላላ 780 ግራም ይሆናል። ይህ 780 ግራም የመጨረሻው ክብደት 65 በመቶ እንዲሆን 780ን ለ0.65 ማካፈል ነው፤ 1,200 ግራም ይወጣል። ይህን በአንድ መስመር መጻፍ ይቻላል፦

(የፍሬው ግራም × የራሱ ስኳር በመቶኛ + የተጨመረው ስኳር) ÷ የሚፈለገው መቶኛ = የማርማላታው ክብደት

እንግዲህ እንጆሪው 1,000፣ ስኳሩ 700፣ የሎሚው ጭማቂ 40 ሆኖ 1,740 ግራም ገብቷል። የሚፈለገው 1,200 ነው። ልዩነቱ 540 ግራም ውኃ ነው፤ እሳቱ ላይ የሚሠራው ሥራ ይህን ማትነን ብቻ ነው። በማፍላቱ መሐል ተጨማሪ ውኃ ቢገባ እንኳ ስሌቱ አይናወጥም፤ ውኃ ለስኳሩ ምንም አይጨምርምና ከመጨረሻው ክብደት ውስጥ አይቆጠርም፤ ጊዜ ብቻ ይወስዳል።

ለሌላ ፍሬ የሚለወጠው የራሱ የስኳር ቁጥር ነው። ዘይቱን 10 በመቶ፣ ብርቱካን 11፣ ኮክ 11፣ የበሰለ ማንጎ 15 ብሎ መነሣት ይቻላል። ፍሬ እንደ ዝርያውና እንደ ብስለቱ ይለያያል፤ በዚህ ቁጥር ላይ አንድ ሁለት በመቶ መሳሳት ግን ብዙ አይጎዳም። እንጆሪው 8 ሳይሆን 10 በመቶ ቢሆን ልዩነቱ 20 ግራም ስኳር ነው፤ ከ700ው ጎን ሲታይ ትንሽ ነው። የገባውን ስኳር በብርጭቆ መገመት ግን ሌላ ነገር ነው። አንዱ ቤት «ብርጭቆ» የሚባለው ሌላው ቤት ካለው እጅግ ይለያል፤ ስኳሩ በሚዛን ካልተለካ ስሌቱ ሁሉ ከንቱ ነው።

ስኳር ሲጨመር ለምን ይላላል?

እዚህ ላይ ብዙዎችን የሚያሳስት ነገር አለ። ማርማላታው ቀጥኖ ያስቸገረው ሰው በሚቀጥለው ጊዜ ስኳር ይጨምራል፤ ማርማላታው ደግሞ ከፊተኛው ይልቅ ይላላል። ምክንያቱ በስሌቱ ውስጥ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

አንድ ኪሎ እንጆሪ ውስጥ ያለው ፔክቲን ጥቂት ነው፤ 6 ግራም ገደማ ብለን እንያዘው። 700 ግራም ስኳር ሲገባ ያ 6 ግራም በ1,200 ግራም ማርማላታ ውስጥ ይከፋፈላል፤ ግማሽ በመቶ ይሆናል። በወረቀቷ መሠረት አንድ ሙሉ ኪሎ ሲገባስ? 1,080 ለ0.65 ሲካፈል 1,660 ግራም ማርማላታ ይወጣል። ያው 6 ግራም ፔክቲን አሁን በ1,660 ግራም ላይ ተዘርግቷል፤ ወደ 0.36 በመቶ ወርዷል ማለት ነው። መረቡ ያው ነው፤ የሚይዘው ግን በዝቶበታል። አንዱን ነጠላ ለሁለት ሰው እንደ ማልበስ ነው።

ስለዚህ «ምን ያህል ጠንካራ ይሁን?» የሚለው ጥያቄ ሁለት መልስ አለው። አንዱ የመጨረሻው መቶኛ ነው። ሌላውና ለእንጆሪ የሚበልጠው፣ ለአንድ ኪሎ ፍሬ ስንት ስኳር ገባ የሚለው ነው። በዳቦ ላይ የሚቀባ፣ ከማንኪያ ላይ ቀስ ብሎ የሚወርድ ልል ማርማላታ የሚፈልግ ሰው ለአንድ ኪሎ እንጆሪ 850 ግራም ስኳር አግብቶ 62 በመቶ ላይ ቢያቆም ይሳካለታል፤ 1,500 ግራም ያገኛል። ኬክ መሐል ገብቶ እንዳይፈስ የሚፈልግ ደግሞ ስኳሩን ወደ 650 ቀንሶ 66 በመቶ ድረስ ያፈላዋል፤ የሚያገኘው 1,100 ግራም ብቻ ነው፤ ግን ይቆማል። ስኳሩ 200 ግራም ሲቀንስ 400 ግራም ማርማላታ ቀነሰ። የኪሎ ለኪሎ ልማድ በየቦታው የጸናው አንድም በዚህ ሳይሆን አይቀርም፤ ከጥቂት ፍሬ ብዙ ጠርሙስ ይሞላል።

ፔክቲን የሞላበት ፍሬ ሲሆን ነገሩ ይገለበጣል። ዘይቱን ገና ሙሉ በሙሉ ሳይለሰልስ ከተቀቀለ፣ ወይም ብርቱካንና ትርንጎ ከልጣጫቸው ጋር ከተሠሩ፣ ኪሎ ለኪሎ ስኳር በደንብ ይሸከማሉ። እንዲያውም ስኳሩ ካነሰባቸው እንደ ጎማ ይጠነክራሉ። ወደ መሐል ያሉት እንደ ፕሪም ያሉት ከ800 እስከ 900 ግራም ቢሰጣቸው ጥሩ ነው። እንጆሪ፣ ኮክና በጣም የበሰለ ፍሬ ሁሉ ከ650 እስከ 750 ድረስ ነው ልካቸው። ብስለት ራሱ ፔክቲኑን ይሰብረዋልና፣ ከአራት እንጆሪ አንዷ ጫፏ ነጭ የሆነ፣ ገና ያልበሰለች ብትሆን ማርማላታውን ትረዳዋለች።

የያዘው ፍሬ ከየትኛው ወገን እንደሆነ የተጠራጠረ ሰው በቤቱ ሊፈትን ይችላል። ፍሬውን ያለ ስኳር ጥቂት አፍልቶ፣ ከጭማቂው አንድ የሻይ ማንኪያ በትንሽ ብርጭቆ ያደርግና እስኪቀዘቅዝ ይጠብቃል። ከፋርማሲ የሚገዛውን 70 በመቶ አልኮል አንድ የሾርባ ማንኪያ ጨምሮ፣ ሳይመታ ቀስ ብሎ ያዟዙረዋል። ከአንድ ደቂቃ በኋላ በሹካ ሲነሣ አንድ ወጥ ጓል ሆኖ የሚወጣ ከሆነ ፔክቲኑ ብዙ ነው። ሁለት ሦስት ቦታ የተቆራረጠ ከሆነ መካከለኛ ነው። እንደ ተፈተፈተ ነገር ተበጣጥሶ ሹካው ላይ የማይቆይ ከሆነ ጥቂት ነው፤ ስኳሩ መቀነስ አለበት። ይህ የፋርማሲ አልኮል መርዝ ነው፤ ብርጭቆው ውስጥ ያለው አይቀመስም፣ ወደ ድስቱም አይመለስም፤ ይደፋል።

ስኳሩን መቀነስ የማይፈልግ ሰው ፔክቲኑን መጨመር ይችላል። የታሸገ የፔክቲን ዱቄት ባይገኝ፣ 800 ግራም እንጆሪ ከ200 ግራም ጠንካራ ዘይቱን ጋር ማፍላት ሁነኛ ዘዴ ነው፤ ዘይቱኑ ለብቻው በጥቂት ውኃ ተቀቅሎ ዘሩ በወንፊት ይወጣለታል። ስሌቱም አይከብድም፦ 64 ግራም ከእንጆሪው፣ 20 ግራም ከዘይቱኑ፣ የቀረው እንደ ተለመደው።

ሚዛኑና ቴርሞሜትሩ አዲስ አበባ ላይ

አሁን ወደ 105 እንመለስ። ስኳር የገባበት ውኃ ከተራ ውኃ ይልቅ በከፍተኛ ሙቀት ነው የሚፈላው፤ 65 በመቶ ስኳር ያለበት ማርማላታ ከውኃ 4.5 ዲግሪ ገደማ አልፎ ይፈላል። በባሕር ጠረፍ ውኃ በ100 ስለሚፈላ ማርማላታው 104.5 ላይ ይደርሳል፤ የቨርጂኒያዋ ወረቀት 105 ያለችው ይህን አጠጋግታ ነው። ከባሕር ወለል ከፍ እያልን በሄድን ቁጥር ግን አየሩ ይሳሳል፤ በየ300 ሜትሩ ውኃ የሚፈላበት ሙቀት አንድ ዲግሪ ያህል ይወርዳል። አዲስ አበባ 2,355 ሜትር ላይ ናትና ውኃ እዚያ በ92 ዲግሪ ግድም ይፈላል። ስለዚህ የአዲስ አበባ ማርማላታ የሚደርሰው 96.5 አካባቢ ነው። ባሕር ዳር ላይ ውኃ በ94 ስለሚፈላ 98.5፣ ድሬዳዋ ላይ ደግሞ 100.5 ይሆናል።

ታላቅ እህት ቴርሞሜትሩ 97 ላይ ዘገየ ብላ ስትጠብቅ፣ ማርማላታው ደርሶ ነበር። ከዚያ እስከ 105 ለመድረስ ከድስቱ የወጣው ውኃ ስኳሩን ከ80 በመቶ በላይ አሻቀበው፤ ይህ የከረሜላ እንጂ የማርማላታ ልክ አይደለም። ማንኪያው ቆሞ የቀረው ለዚህ ነው።

የሰፈሩን ከፍታ ማወቅ እንኳ አያስፈልግም። መጀመሪያ ቴርሞሜትሩን በሚፈላ ተራ ውኃ ውስጥ ከትቶ ያነበቡትን ቁጥር መያዝ፣ በዚያ ላይ 4.5 መደመር ነው። ቴርሞሜትሩ ራሱ ትንሽ የሚዋሽ ቢሆን እንኳ በዚህ መንገድ ውሸቱ ይጣፋል። ሆኖም በልልና በጠንካራ ማርማላታ መካከል ያለው የሙቀት ልዩነት አንድ ዲግሪ ያህል ብቻ ነው፤ ርካሽ ቴርሞሜትር ደግሞ ግማሽ ዲግሪን አጥርቶ አያሳይም። በሚዛን ሲታይ ግን 700 ግራም ስኳር የገባበት ማርማላታ 62 በመቶ ላይ 1,258 ግራም፣ 67 በመቶ ላይ 1,164 ግራም ነው። የ94 ግራም ልዩነት ማንኛውም የወጥ ቤት ሚዛን አያመልጠውም። ስለዚህ ቴርሞሜትሩ መቃረቡን ይናገር፤ መድረሱን ግን ሚዛን ይመስክር።

እህትማማቾቹ ለሁለተኛ ጊዜ የሠሩት እንዲህ ነው፤ ታናሽዬዋ በስልክ ሆና፣ ታላቅዬዋ ምድጃው አጠገብ። ሰፊ ድስት ተመረጠ፤ አፉ የሰፋ ድስት ቶሎ ያተንናል፤ ብዙ ጊዜ መፍላት ደግሞ ፔክቲኑን ይሰባብራል፣ ቀለሙንም ያጠቁራል። ድስቱ ባዶውን ተመዘነና 1,350 ግራም ሆነ። ቁጥሩ በእስክሪብቶ ግድግዳው ላይ በተለጠፈ ወረቀት ተጻፈ፤ ሥሩም ላይ 1,350 ሲደመር 1,200፣ 2,550። ይህ ነው መድረሻው።

እንጆሪው ከስኳሩ ጋር ሌሊቱን ተዘፍዝፎ አደረ። እንጆሪ ልጣጩ ስስ ስለሆነ ይህ ይመቸዋል፤ ስኳሩ ጭማቂውን ስቦ ያወጣውና ፍሬው ሳይፈርስ ይበስላል። እንደ ፕሪምና ዘይቱን ያሉ ደንዳና ልጣጭ ያላቸው ግን በመጀመሪያ ያለ ስኳር ለስልሰው መብሰል አለባቸው። ሽንኩርቱ ሳይበስል ቲማቲም የገባበት ቁሌት እንደማይሆን ሁሉ፣ ስኳር የቀደመው ልጣጭም ጠንክሮ ይቀራል፤ ፔክቲኑም በውስጡ ተቆልፎ ይቀራል።

ጠዋት 40 ግራም የሎሚ ጭማቂ ገባና ስኳሩ እስኪሟሟ በቀስታ ተማሰለ፤ ከዚያ እሳቱ ጨመረ። መጀመሪያ ላይ አረፋው ቀላልና ነጭ ነው፤ እየፈነዳ ይጠፋል። ከሩብ ሰዓት በኋላ አረፋዎቹ ትላልቅ ሆኑ፤ ሲፈነዱ ድምፃቸው እንደ ገንፎ ከበደ። ቴርሞሜትሩ 96 ሲል እሳቱ ጠፋ፤ ሚዛኑ እንዳይቃጠል እንጨት መክተፊያ ተደረገበት፤ መክተፊያው ዜሮ ላይ ተስተካከለና ድስቱ ተቀመጠ። 2,640። ገና 90 ግራም ይቀራል። ተመልሶ ተጣደ፤ አራት ደቂቃ ያህል ፈልቶ እንደገና ተመዘነ፤ 2,555።

«አምስቷን ተያት» አለች ታናሽዬዋ።

ምስክር የምትሆን አንዲት ሳሕን ቀድማ ፍሪዘር ውስጥ ገብታ ነበር። ጠብታ ማርማላታ ተደረገባትና አንድ ደቂቃ ቆየች። በጣት ወደ ፊት ስትገፋ ቆዳ እንዳላት ተጨማደደች፤ የጣቱ መንገድም ተመልሶ አልተከደነም።

ሲበላሽ እንዴት ይታወቃል?

ያልረጋ ማርማላታ ሲያጋጥም መጀመሪያ የሚጠየቀው ሚዛኑ ነው። ክብደቱ ከስሌቱ በላይ ከሆነ ውኃ አልቀነሰም፤ ተመልሶ ይፈላ። ክብደቱ ደርሶ ግን ካልረጋ፣ ተጨማሪ ማፍላት ያባብሰዋል እንጂ አያድነውም፤ የጎደለው ፔክቲን ወይም አሲድ ነው። የአንድ ሎሚ ጭማቂ ጨምሮ አንድ ጊዜ ማፍላት ብዙውን ጊዜ ይታደገዋል። ከዚያ በፊት ግን ትዕግሥት ያስፈልጋል፤ አንዳንዱ ማርማላታ እስከ ሁለት ቀን ድረስ እየረጋ ይሄዳል፤ በሞላ ማግስት «አልሆነም» ብሎ መፍረድ ብዙ ድስት አበላሽቷል። ሎሚው ከልክ ሲያልፍ ደግሞ መረቡ ይጨማተርና ጭማቂውን ይተፋል፤ ጠርሙሱ ሲከፈት ላይ ላዩን ውኃ አቁሮ የሚታየው ይህ ነው። ለአንድ ኪሎ እንጆሪ ሁለት ወይም ሦስት የአገራችን ትናንሽ ሎሚዎች ይበቃሉ።

ጥርስ ላይ የሚንቋቋ ጠጠር ከተገኘ፣ ወይ ስኳሩ ከመፍላቱ በፊት አልሟሟም፣ ወይ ማርማላታው ከ67 በመቶ አልፏል። ሻጋታ ከታየ ደግሞ ከ60 በታች ቀርቷል ወይም ጠርሙሱ አልጸዳም፤ ሻጋታውን ጠርጎ የቀረውን መብላት አይገባም፤ ዓይን ከሚያየው በታች ዘልቆ ሊሆን ስለሚችል ጠርሙሱ በሙሉ ይጣላል። ጠርሙስ በማፍላት ሲጸዳም ከፍታው ይቆጠራል፤ በባሕር ጠረፍ 10 ደቂቃ የሚበቃው አዲስ አበባ ላይ ወደ 18 ደቂቃ ይደርሳል፤ የሚፈላው ውኃ ሙቀቱ ዝቅ ያለ ነውና።

በስኳር ሕመም ወይም በሌላ ምክንያት ስኳር መቀነስ የሚፈልጉ ሰዎች አንድ ኪሎ እንጆሪን በ400 ግራም ብቻ መሥራት ይቻል እንደሆነ ይጠይቃሉ። ስሌቱ መልሱን ይሰጣል፤ 480 ለ0.65 ሲካፈል 740 ግራም አይሞላም፤ ማርማላታው ወደዚያ ለመድረስ ግማሽ ያህሉ ሊተን ነው፤ እንጆሪው ይጠቁራል፣ ሽታውም ይሄዳል። ስኳሩም ከመቶው ያው 65 ነው፤ ለታማሚው በማንኪያ የተቀነሰለት የለም። 45 በመቶ ላይ ቢቆም ወደ 1,070 ግራም የሚሆን፣ ፍሬው ፍሬ የሚል ነገር ይወጣል፤ ግን እንደ ወፍራም ሾርባ ይፈሳል፣ ቦታውም ፍሪጅ ነው፤ በሁለትና ሦስት ሳምንት ውስጥ መበላት አለበት። ጠርሙሱ ላይ የተሠራበትን ቀን መጻፍ እዚህ ላይ ግዴታ ይሆናል።

ቨርጂኒያ ያለችው እህት አሁን የምትልከው ወረቀት ተለውጧል። 105 ተሰርዞ «የሰፈርሽ ውኃ የሚፈላበት ሲደመር 4.5» ተብሏል፤ አንድ ኪሎ ስኳር የሚለውም 700 ግራም ሆኗል። ከሥሩ በታላቅዬዋ እጅ ሌላ ቁጥር ተጨምሯል፦ ድስቱ 1,350፣ መድረሻው 2,550። የመጀመሪያው፣ ማንኪያ የቆመበት ጠርሙስ ግን አልተጣለም፤ እየተቆረሰ በሙቅ ሻይ ውስጥ አለቀ።